ሰዓቱ ነው የሚያልቀው፣ ዕቃው አይደለም

«‹ሊያልቅ ነው፣ ጥቂት ብቻ ቀርቷል› ካላልን ማን ይገዛናል?»

ይቺን ነገር በየበዓሉ ዋዜማ እሰማታለሁ። ሰልችቶኛል። የቅናሽ መልእክት መጻፍ እንጀራዬ ነው፣ እና ሁሌም የምመልሰው ጥያቄ አንድ ነው፦ የሚያልቀው ምንድን ነው? ዕቃው ነው ወይስ ቀኑ? ሁለቱ ለየቅል ናቸው። የሦስት ቀን ቅናሽ አውጥታችሁ መጋዘኑ ሙሉ ከሆነ፣ እያለቀ ያለው ጊዜ ብቻ ነው። እሱን ተናገሩ። እሱ ራሱ በቂ ነው፣ ምክንያቱም ሰው የሚያመነታው «ነገም ይገኛል» ብሎ ነው፣ በዚህ ዋጋ ነገ እንደማይገኝ ደግሞ እውነት ነው።

አንድ ደንበኛዬ አልሰማም አለኝና በመጨረሻው ቀን «የቀሩት ጥቂት ናቸው!» ብሎ ላከ። ከ400 ፍሬ 260ው መደርደሪያ ላይ ነበር። ቅናሹ ካበቃ በኋላ ያው ዕቃ፣ ያው ቀለም፣ በየመጠኑ ተደርድሮ ገጹ ላይ ታየ። አንዲት ገዢ «ትናንት ሊያልቅ ነው ብላችሁ አጣድፋችሁኝ ሳልፈልገው ነው የገዛሁት» ብላ ዕቃውን መለሰች። ከሷ በኋላ ሌሎችም መለሱ። ሽያጩን ስንቆጥር ደስ ብሎን ነበር፣ ተመላሹን ስንቆጥር ግን ዝም አልን።

እኔ ብጽፈው ኖሮ እንዲህ ነበር የማደርገው። የመጀመሪያው ቀን፦ «የበዓል ቅናሹ ዛሬ ተጀመረ። 20 በመቶ። ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ያበቃል፣ ከዚያ ወደ ቀድሞ ዋጋው ይመለሳል።» ዓርብ፦ «ቅናሹ ነገ፣ ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ያበቃል።» ቅዳሜ ምሽት 12 ሰዓት ላይ፦ «6 ሰዓት ቀረው። ዕቃው በቂ ነው፣ የሚያበቃው ዋጋው ነው።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ባለሱቆች ይፈሯታል። እኔ ግን በጣም እወዳታለሁ፣ ምክንያቱም ያነበበ ሰው ተረጋግቶ የሚፈልገውን ይመርጣል፣ የተጣደፈ ሰው ያነሳውን ነው በኋላ የሚመልሰው።

አጥቢያን ለምን እንዳስገባሁ ልንገራችሁ። «ቅዳሜ ሌሊት 6 ሰዓት» ብቻ ብትሉ ግማሹ ሰው ዓርብ አምሽቶ የሚመጣውን ሌሊት ይረዳል፣ ግማሹ የቅዳሜውን። «እስከ ቅዳሜ» ማለት ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ ቅዳሜ ይጨመራል ወይስ አይጨመርም? ስልካችሁ 00:00 የሚለውን እናንተ 6 ሰዓት እንደምትሉት አትርሱ። ገጹ ላይ ያለውን ሰዓት ቆጣሪ የሚሞላው ልጅ 6:00 ብሎ ካስገባ ቅናሹ ጠዋት 12 ሰዓት ድረስ ይቆያል። ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ደርሶብኛል።

ዕቃው እውነት ካነሰስ? ያኔማ ተናገሩ፣ ግን ለይታችሁ፦ «ሰማያዊው፣ ትልቁ መጠን 9 ፍሬ ቀርቷል (ዛሬ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የተቆጠረ)። ከበዓሉ በፊት ሌላ አይገባም።» ከበዓሉ በኋላ የሚገባ ከሆነ እሱንም ጻፉ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ ቁጥር ያለበትን መልእክት ማታ ጽፋችሁ ለነገ ቀጠሮ አትስጡት። እስኪላክ ቁጥሩ ውሸት ሆኖ ያድራል።

«ገጹ ላይ ሰዓት ቆጣሪ ካለ በቃ፣ አልዋሸንም»

ገጹን በሌላ ስልክ ክፈቱት። ቆጣሪው ለአዲሱ ስልክ ከመጀመሪያው ከጀመረ፣ የሚቆጥረው የቅናሹን ጊዜ ሳይሆን ጎብኚው የገባበትን ነው። ያ ውሸት ነው፣ በሥዕል የተነገረ ውሸት። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው መመሪያ ዕቃው ወይም ዋጋው ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው ብሎ በሐሰት ገዢን ማጣደፍ በማንኛውም ሁኔታ ከተከለከሉት ድርጊቶች ውስጥ ተዘርዝሯል።

«በደንበኞች ጥያቄ ተራዘመ ማለት ማንንም አይጎዳም»

ትናንት ተሯሩጦ የገዛውን ሰው ይጎዳል፣ ቀጣዩን ቆጠራችሁንም ማንም አያምነውም። ክፍያ ስለተበላሸ ካራዘማችሁ ምክንያቱን ጻፉ፦ «ትናንት ማታ ለሁለት ሰዓት ክፍያ አልሠራም ነበር፣ ስለዚህ ዛሬ ሁለት ሰዓት ጨምረናል።»

«‹የመጨረሻ ዕድል› የተለመደ አባባል ነው፣ ማንም ቃል በቃል አይወስደውም»

የመጨረሻ የሚባለው አንዴ ነው፤ ሦስት ጊዜ ከላካችሁት ሁለቱ ውሸት ናቸው። ለነገሩ በሚቀጥለው በዓልም ቅናሽ ልታወጡ አይደል? እንግዲያው «የዚህ በዓል ቅናሽ የመጨረሻ ቀን» በሉትና ላኩት።