«ፊደሉን ብቻ ላክልኝ» ምንድን ነው? ምክንያት ሚጨመርበትስ መቼ ነው?

እዚህ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ተማሪ ምናስጠና ሰዎች ማታ ማታ ስልካችን ላይ ሚገባው ነገር አንድ አይነት ነው። ወርክሺት ወይ ያለፈ አመት ማትሪክ ፎቶ ይነሳና በቴሌግራም ይላካል፣ ከስሩ «ቲቸር 14ኛውን እዩልኝ» ይላል፣ በቃ። ለዚህ ሁለት አይነት መልስ አለ። አንዱ ፊደል ብቻ ነው፣ «ሲ» ብለህ ትልካለህ። ሁለተኛው ፊደሉ ላይ አንድ አረፍተ ነገር ይጨመርበታል፣ ለምን ሲ እንደሆነ ሚናገር። ብዙ ሰው ይሄን በስሜት ነው ሚወስነው፣ ጊዜ ካለው ያብራራል ከደከመው ፊደል ይወረውራል። እኔ ግን መወሰን ያለበት በኛ ድካም ሳይሆን ልጁ መልሱን ምን ሊያደርግበት ነው በሚለው ይመስለኛል።

ፊደል ብቻውን ማመሳከሪያ ነው፣ ከዛ በላይ አይደለም። ልጁ ራሱ ሰርቶ የደረሰበት ነገር ካለ ከሱ ጋር ያስተያየዋል፣ ከሌለው ግን ሚያስተያየው ነገር ስለሌለ ዝም ብሎ ይገለብጠዋል። ስለዚህ ፎቶ ሲመጣ መጀመሪያ ማየው ጥያቄውን ሳይሆን ከጎኑ ልጁ የጫረው ነገር መኖሩን ነው። በእርሳስ ስሌቱ ተሰርቶ ሲ ላይ ከተከበበና ትክክል ከሆነ «አዎ ሲ» ይበቃዋል፣ ትንታኔ መጨመር እንደውም ጉዳት አለው። በተለይ ፈተናው ሲቃረብ ልጅቷ ገና ብዙ ጥያቄ እየጠበቃት ባለችበት ሰአት በትክክል የሰራችውን ነገር አንተ በሌላ መንገድ ስታብራራላት «እንዴ የኔ አሰራር ስህተት ነበር ማለት ነው?» ብላ የያዘችውን ልትጥለው ትችላለች። ሽምደዳ የሆኑ ጥያቄዎችም እንደዛው ናቸው፣ የእንግሊዝኛ ቃል ፍቺ ወይ ባዮሎጂ ላይ የአንድ ክፍል ስም ከሆነ ምክንያቱ መልሱ ራሱ ስለሆነ ሚብራራ ነገር የለውም።

ፊደል ብቻ ስትልኩም ግን ቁጥሩንና ምርጫው ውስጥ ያለውን ነገር አብራችሁ ጻፉ። «ሲ» ሳይሆን «14፣ ሲ፣ 4» በሉ። ምክንያቱም እኛ ሰፈር ሚዞረው ወርክሺት አንዱ ከሌላው እየተገለበጠ እንደገና ሚጻፍ ነው፣ በመሀል የምርጫዎቹ ቅደም ተከተል ይቀያየራል፣ ልጁ ደግሞ ያንተን መልስ ለጓደኛው ፎርዋርድ ያደርገዋል፣ ጓደኛው ጋ ያለው ወረቀት ላይ ሲ ሌላ ነገር ሆኖ ይገኛል። ምርጫውን አብሮ መጻፍ ሰከንድ ነው ሚፈጀው፣ ማብራሪያም አይባልም፣ ግን ፊደሉ ከጥያቄው ተነጥሎ እንዳይዞር ይይዘዋል።

አሁን ምክንያት የግድ ወደሚሆንበት እንሂድ፣ አንድ ጥያቄ ይዤ ልሂድ። ኬሚስትሪ ነው፣ እንዲህ ይላል፣ 1×10⁻³ ሞላር የሆነ HCl 10 ሚሊ ሊትር ተወስዶ ውሃ እየተጨመረበት 100 ሚሊ ሊትር ቢሞላ ፒኤቹ ስንት ይሆናል? ምርጫዎቹ ኤ 2፣ ቢ 3፣ ሲ 4፣ ዲ 11 ናቸው። መልሱ ሲ ነው። አሲዱ አስር እጥፍ ቀጠነ፣ ኮንሰንትሬሽኑ ከ10⁻³ ወደ 10⁻⁴ ወረደ፣ HCl ደግሞ ጠንካራ አሲድ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ ይበተናል፣ ስለዚህ ፒኤቹ 4።

ልጁ ሲ ብሎ ከላከ ጨርሰናል። ግን ቢ ብሎ ላከ እንበል። ቢ ያለ ልጅ ሰነፍ አይደለም፣ እንደውም የሆነ ነገር አስቧል፣ ውሃ ስጨምር አሲዱ የትም አልሄደም መጠኑ ያው ነው ስለዚህ ፒኤቹም ያው 3 ነው ብሎ ነው። ግማሹ ልክ ነው እኮ፣ ሞሉ አልተቀየረም፣ የተቀየረው ሞሉ ሚካፈልበት ሊትር ነው። ለሱ ሚላከው «ሲ፣ 4። ሞሉ አልተቀየረም ልክ ነህ፣ ግን ፒኤች ሚከተለው ኮንሰንትሬሽንን ነው፣ እሱ አስር እጥፍ ቀንሷል» ነው። ኤ ያለችው ልጅ ጋ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። አስር እጥፍ መቅጠኑን አውቃለች፣ በአንድ መቀየር እንዳለበትም አውቃለች፣ አቅጣጫው ነው የተምታታባት፣ አሲዱ ስለቀነሰ ፒኤቹም ይቀንሳል ብላ ከ3 ወደ 2 ወረደች። ለሷ «ሲ፣ 4። አሲዱ ሲደክም ፒኤች ወደ 7 ይወጣል እንጂ አይወርድም» ብትላት ወዲያው ይገባታል። ለቢ ልጅ የተጻፈውን ለሷ ብትልክላት ግን ስለ ሞል ሚያወራው ነገር ከሷ ችግር ጋር አይገናኝም፣ የምታውቀውን ነው የነገርካት።

አጭር ምክንያት ስል እንግዲህ የጥያቄውን ሙሉ አሰራር አሳጥሮ መጻፍ ማለቴ አይደለም። ልጁ የመረጠው ፊደልና ትክክለኛው ፊደል ሚለያዩበትን ነጥብ ብቻ መንካት ነው። ለዛ ደግሞ የሱን ፊደል ማወቅ አለብህ፣ ካልጻፈ ጠይቀው፣ «አንተ ስንት መጣልህ?» በለው። ይሄን ጥያቄ ብዙ አስጠኚ ይዘለዋል፣ ለኔ ግን ከሁሉም በላይ ጠቃሚው እሱ ነው፣ ምክንያቱም ፊደል ይበቃል ወይስ አይበቃም ሚለው መልሱን ስትሰማ ብቻ ነው ሚታወቀው። «ምንም አልሰራሁትም» ካለህ ፊደሉንም አትላክ፣ «ስንት እጥፍ ነው የቀጠነው?» ብለህ የመጀመሪያዋን እርምጃ ብቻ ላክለትና ይሞክር።

ዲ ብሎ ከመጣስ? 11 የመጣው 3ን ከ14 ላይ ቀንሶ ነው፣ ማለትም ፒኤችን ከፒኦኤች ጋር ቀላቅሏል፣ በዛ ላይ መቅጠኑን ጭራሽ አላየውም። እዚህ ጋ ሁለት ነገር ስለተደራረበ በአንድ አረፍተ ነገር አይፈታም። መቅጠኑን ብቻ ብታስተካክልለት 10 ይመጣለትና ምርጫው ውስጥ የለም ብሎ ይጨነቃል። እንዲህ አይነቱን «መልሱ 4 ነው ግን ይሄን ቅዳሜ ወረቀት ላይ አብረን እንሰራዋለን፣ ምልክት አድርግበት» ማለት ይሻላል። አሲድ ሆኖ ፒኤቹ ከ7 በላይ መውጣቱ ራሱ ሊያስጠረጥረው ይገባ ነበር፣ እሱን ቅዳሜ መጀመሪያ ማነሳለት ነገር አደርገዋለሁ።

ሌላው ምክንያት ሚያስፈልግበት ቦታ ከልጁ ጋር አይገናኝም፣ ከፎቶው ጋር ነው። ቴሌግራም ፎቶን ሲልክ ይጨምቀዋል፣ ወርክሺቱ ራሱ የፎቶ ኮፒ ኮፒ ነው፣ መብራት ጠፍቶ ከሆነ ደግሞ በሌላ ስልክ ባትሪ ነው የተነሳው፣ እና መጀመሪያ ሚጠፉት ትንንሾቹ ናቸው፣ ከላይ ሚጻፈው ቁጥርና የመቀነስ ምልክት። የኛን ጥያቄ ውሰዱት። የመቀነሷ ምልክት ብትጠፋ ችግር የለም፣ 1×10³ ሞላር አሲድ ስለሌለ ወዲያው ይነቃበታል። ግን 3ቷ ደብዝዛ 2 ብትመስል ነገሩ ይለያል፣ 10⁻² ሞላር አስር እጥፍ ሲቀጥን 10⁻³ ይሆንና መልሱ 3 ነው፣ 3 ደግሞ ቢ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። ምርጫዎቹ ውስጥ አለ ማለት በትክክል አንብቤዋለሁ ማለት አይደለም። እዚህ ጋ ፊደል ብቻ መላክ አደገኛ ነው፣ ምን ብለህ እንዳነበብከው አብረህ ጻፍ፣ «10⁻³ ብዬ ነው ያነበብኩት፣ ሲ። 10⁻² ከሆነ ግን ቢ ነው፣ ወረቀቱ ላይ እየው» በል። ልጁ ዳታ ካለው በፋይል መልክ እንዲልከው ጠይቁት፣ በፋይል ሲላክ አይጨመቅም፣ ከሌለው ግን የደበዘዘውን ቦታ ብቻ አስጠግቶ ቢያነሳው ይበቃል። ጣቱ የሸፈነው ወይ ታችኛው ምርጫ የተቆረጠበት ፎቶም እንደዛው ነው፣ ዲን ሳታይ «ሲ» አትበል፣ ዲ ላይ «ሁሉም መልስ ናቸው» ሊል ይችላል።

«መልሱ ላይ ግን ቢ ይላል» ሲባልም ፊደል አይሰራም። ልጁ እጁ ላይ የመልስ ቁልፍ አለ፣ ያንተ ፊደል ከዛ ፊደል ጋር ሲጋጭ የታተመው ያሸንፋል፣ የታተመ ነገር ይታመናላ። የመልስ ቁልፎቹ ውስጥ ደግሞ የተሳሳቱ አሉ፣ ስለዚህ ስሌቱን ሁለት መስመር አድርገህ ጻፍለት፣ 0.001 ሲባዛ በ10 ሲካፈል ለ100 0.0001 ይሰጣል፣ የዛ ፒኤች 4 ነው። አንተን እንዲያምን ሳይሆን ራሱ ካልኩሌተር ላይ እንዲያየው ነው። ያኔ ካንተ ጋር ባይስማማ እንኳ የትኛው መስመር ላይ እንደሆነ ያሳይሃል።

አንድ መስመር ስትጽፉ መስመሯ ከጥያቄው ውጪም እንዳታታልል ተጠንቀቁ። «አስር እጥፍ ሲቀጥን ፒኤች በአንድ ይጨምራል» ብሎ መላክ ቀላል ነው፣ ለዚህ ጥያቄም ይሰራል፣ ልጁ ግን እንደ ህግ ይይዛትና 10⁻⁸ ሞላር HCl ሚል ጥያቄ ሲመጣ 8 ብሎ ያጠቁራል። አሲድን በውሃ ብታቀጥነው ብታቀጥነው ቤዝ አይሆንም፣ እዛ ጋ የውሃው የራሱ ሃይድሮጅን ስለሚበልጥ ፒኤቹ ከ7 ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው ሚቆመው። ስለዚህ «ከ7 ራቅ እስካለ ድረስ» ሚለውን አራት ቃል ጨምሩበት፣ አጭርነቱን አያበላሸውም።

እና ደግሞ ፎቶው ፈተና እየተፈተነ ካለ ልጅ የመጣ ከመሰላችሁ፣ የትምህርት ቤት ሚድም ይሁን ሌላ፣ ፊደልም ምክንያትም አይላክም። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በሶሻል ሚዲያ ወጥቶ ሲሰረዝ ሌላው ተማሪ ሁሉ እንደገና እስኪፈተን ሲጠብቅ አይተናል። ምልክቱ አይጠፋም፣ ወረቀቱ ጠረጴዛ ስር ዘንበል ብሎ ነው የተነሳው፣ ሰአቱ የትምህርት ሰአት ነው፣ መልእክቱም «ቶሎ ፊደሉን ብቻ» ነው ሚለው። «ስትወጣ ላክልኝ፣ ያኔ አብረን እናየዋለን» ብላችሁ መልሱለት።