ቱ-ፖርት ፓራሜትር ምንድን ነው? ሁለት የትራንዚስተር ስቴጆች ሲቀጠሉ ጌይኑ የት ይሄዳል?

ብቻውን ሲለካ 246 ጊዜ የሚያጎላ የትራንዚስተር ስቴጅ አለ እንበል። ከኋላው ፍጹም ተመሳሳይ የሆነ ሁለተኛ ስቴጅ ሲቀጠል፣ 246ን በ246 አባዝቶ ወደ 60,500 የሚጠጋ ጌይን መጠበቅ የተለመደ ነው። 600 ኦም ምንጭና 10 ኪሎ ኦም ሎድ ሲኖር ግን ኦሲሎስኮፑ ላይ የሚታየው 12,000 ገደማ ነው። ትራንዚስተሩ አልተቃጠለም፣ ሽቦውም በትክክል ተያይዟል። አምስት ኪሎ ላብራቶሪ ውስጥ ብሬድቦርድ ላይ የሚሠራ ተማሪም ሆነ ፒያሳ የድምፅ ዕቃ የሚጠግን ባለሙያ ይህን ልዩነት ያገኘዋል። ምክንያቱን በቁጥር የሚያሳየው ቱ-ፖርት የሚባለው አገላለጽ ነው።

ቱ-ፖርት ማለት ሁለት ጥንድ ጫፎች ያሉት ሳጥን ነው፤ አንዱ ጥንድ መግቢያ፣ ሌላው መውጫ። ውስጡ ትራንዚስተር ይሁን አሥር ሬዚስተር አያስጨንቀንም። ከውጭ የሚታዩት አራት መጠኖች ብቻ ናቸው፦ የመግቢያው ቮልቴጅና ከረንት (V1፣ I1)፣ የመውጫው ቮልቴጅና ከረንት (V2፣ I2)። ሁለቱም ከረንቶች ወደ ሳጥኑ ሲገቡ ፖዘቲቭ ተብለው ይቆጠራሉ። ከአራቱ ሁለቱ ከታወቁ ሌሎቹ ሁለቱ ይታወቃሉ፣ ግንኙነቱንም አራት ቁጥሮች ይገልጹታል። ለትራንዚስተር የሚመረጠው የ h አጻጻፍ ነው፦

```
V1 = hie·I1 + hre·V2
I2 = hfe·I1 + hoe·V2
```

hie በቤዝ በኩል የሚታየው ሬዚስታንስ ነው። hfe የከረንት ጌይኑ ነው። ሁለቱም የሚገኙት መውጫው ለሲግናል ሾርት ሲሆን ነው። hoe ከኮሌክተር በኩል የሚታየው ኮንዳክታንስ፣ hre ደግሞ ከመውጫው ወደ መግቢያው ተመልሶ የሚሾልከው ቮልቴጅ ድርሻ ነው፤ እነዚህ የሚለኩት መግቢያው ለሲግናል ክፍት ሆኖ ነው። «ለሲግናል» የሚለው ቃል ወሳኝ ነው። ኮሌክተሩን በሽቦ መሬት ላይ ብታሳርፉት ባያሱ ይጠፋና የምትለኩት ሌላ ነገር ይሆናል። ሾርት የሚደረገው በትልቅ ካፓሲተር በኩል ነው።

የ2N3904 ዳታሺት በ1 ሚሊ አምፒር፣ በ10 ቮልትና በ1 ኪሎ ኸርዝ hfe ከ100 እስከ 400፣ hie ከ1 እስከ 10 ኪሎ ኦም ሊሆን እንደሚችል ይናገራል። ከመርካቶ በአንድ ከረጢት የተገዙ ሁለት ትራንዚስተሮችም በእጥፍ ሊለያዩ ይችላሉ ማለት ነው። ይህን ያዙት፣ ኋላ ይመጣል።

አሁን አንድ ሰርኪት እንያዝ። ሰፕላዩ 12 ቮልት፣ የቤዝ ማካፈያዎቹ 47 እና 10 ኪሎ ኦም፣ የኮሌክተሩ ሬዚስተር 4.7 ኪሎ ኦም፣ የኤሚተሩ 1 ኪሎ ኦም ሆኖ በ100 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ለሲግናል መሬት ላይ አርፏል። hfe 200 ቢሆን የኤሚተሩ ከረንት 1.4 ሚሊ አምፒር፣ የኮሌክተሩ ቮልቴጅ 5.4 ቮልት ይሆናል። ወደ ሲግናል ስሌት ከመግባት በፊት እነዚህን በመልቲሜትር ማረጋገጥ ግድ ነው፤ ባያሱ ከተሳሳተ ከዚህ በታች ያለው ቁጥር ሁሉ ዋጋ የለውም።

በክፍል ሙቀት 25 ሚሊ ቮልት ለ1.4 ሚሊ አምፒር ሲካፈል 17.9 ኦም ይሰጣል፤ ይህ re፣ ማለትም የኤሚተሩ ውስጣዊ ሬዚስታንስ ነው። hie ማለት hfe በ re ሲባዛ ነው፣ 3.57 ኪሎ ኦም። hoe 15 ማይክሮ ሲመንስ እንያዝ፤ ይህ 67 ኪሎ ኦም ገደማ ነው። hre በ0.0001 አካባቢ ሲሆን ለዚህ ሰርኪት መግቢያውን የሚለውጠው በአንድ ፐርሰንት ያህል ስለሆነ እንተወው። በዚህ መሠረት ሬዚስተሮቹን ጨምሮ ስቴጁ በሙሉ በሦስት ቁጥር ይገለጻል፦

```
Rin  = 47k || 10k || 3.57k = 2.49k
Rout = 4.7k || 67k         = 4.39k
Avo  = -Rout / re          = -246
```

ጥፋቱ የሚጀመረው Avo ሲነበብ ነው። Avo መውጫው ላይ ምንም ሳይንጠለጠል ያለው ጌይን ነው። ሁለተኛው ስቴጅ ሲቀጠል ግን የመጀመሪያው መውጫ ላይ 2.49 ኪሎ ኦም ተንጠለጠለበት።

ስቴጆች ተከትለው ሲቀጠሉ h ቁጥሮችን እንዲሁ ማባዛት አይቻልም። የአንዱ መውጫ ለቀጣዩ መግቢያ እንዲሆን እኩልታው መግቢያውን በመውጫው መግለጽ አለበት። ለዚህ የተሠራው ABCD ይባላል፦

```
V1 = A·V2 + B·(-I2)
I1 = C·V2 + D·(-I2)
```

የ I2 ምልክት የተገለበጠው ከመጀመሪያው የሚወጣው ከረንት ወደ ሁለተኛው የሚገባው ስለሆነ ነው። ይህን ምልክት መዘንጋት መልሱን ሙሉ በሙሉ ያበላሻል። ወደ ኋላ የሚሾልከውን ከተውነው፣ ለእኛ ስቴጅ A = 1/Avo፣ B = Rout/Avo፣ C = 1/(Avo·Rin)፣ D = Rout/(Avo·Rin) ይሆናሉ። ሁለቱ ማትሪክሶች ሲባዙ የጠቅላላው A ይህ ነው፦

```
A = A1·A2 + B1·C2
  = 1/(Avo1·Avo2) × (1 + Rout1/Rin2)
```

ነገሩ ሁሉ እዚህ መስመር ላይ አለ። A1·A2 ብቻ ቢሆን ኖሮ ጌይኖቹን ማባዛት ይበቃ ነበር። B1·C2 የመጀመሪያው Rout ከሁለተኛው Rin ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። ሎዲንግ ከውጭ የሚጨመር እርማት ሳይሆን ከማትሪክሱ ብዜት ራሱ የሚወጣ ነው። ለእጅ ስሌት ሲቀመጥ ተራ የቮልቴጅ ማካፈያ ይሆናል፦ Rin2 ለ (Rout1 + Rin2) ሲካፈል።

የእኛው ማካፈያ 2.49 ለ6.88፣ ማለትም 0.362 ነው። የመጀመሪያው ስቴጅ ጌይን ከ246 ወደ 89 ወረደ። በዋናው መግቢያ ላይ 600 ኦም ያለው ምንጭ ቢኖር ሌላ 0.806 ይጨመራል፤ በመጨረሻው መውጫ ላይ 10 ኪሎ ኦም ሎድ ቢኖር ደግሞ 0.695። ሦስቱም ከ60,500 ጋር ሲባዙ 12,300 ገደማ ይሰጣሉ። ትልቁን ጉዳት ያደረሰው መሃል ያለው መገናኛ መሆኑን ልብ በሉ።

ከዚህ ስሌት ውስጥ እኛ ከሁሉ በላይ ዋጋ የምንሰጠው የ hfe ነገር ነው። Avo የሚወሰነው በ Rout እና በ re ስለሆነ hfe ውስጡ የለም ማለት ይቻላል። ስቴጁ ብቻውን ሲለካ ትራንዚስተር ቢቀየርም ጌይኑ ያው ነው። ሲቀጠል ግን hfe በ Rin2 በኩል ይገባል። የሁለተኛው ትራንዚስተር hfe 100 ቢሆን Rin2 ወደ 1.47 ኪሎ ኦም ወርዶ የመጀመሪያው ስቴጅ ጌይን 62 ይሆናል፤ 400 ቢሆን 115። ሁለተኛው ትራንዚስተር ተቀይሮ የመጀመሪያው ስቴጅ ጌይን ሲለወጥ ብዙ ሰው የመጀመሪያውን መፈተሽ ይጀምራል። ችግሩ እዚያ አይደለም።

በመሣሪያ ለማረጋገጥ ሲግናሉ በጣም ትንሽ መሆን አለበት። ጌይኑ 12,300 ሲሆን 1 ሚሊ ቮልት መግቢያ መውጫውን ከሰፕላዩ ጋር ያጋጨዋል። በፈንክሽን ጀነሬተሩና በመሬት መካከል 10 ኪሎ ኦምና 10 ኦም በተከታታይ አድርጋችሁ ሲግናሉን ከ10 ኦሙ ላይ ውሰዱ፤ በሺህ ያካፍልላችኋል። የ600 ኦም ምንጭ ለማስመሰል 590 ኦም አካባቢ በተከታታይ ይጨመራል፤ ገበያ የሚገኘው 560 ኦም ይበቃል። ጀነሬተሩን 0.1 ቮልት፣ 1 ኪሎ ኸርዝ ላይ አድርጉ። ሁለተኛው ሳይቀጠል የመጀመሪያው ኮሌክተር ላይ 20 ሚሊ ቮልት ገደማ ይታያል። የመሃል ካፓሲተሩን ስትሰኩት ያው ኮሌክተር ወደ 7 ሚሊ ቮልት ይወርዳል። ሎዲንግ በዓይን የሚታየው ያኔ ነው። ካፓሲተሩ 10 ማይክሮ ፋራድ ኤሌክትሮሊቲክ ከሆነ ፖዘቲቩ 5.4 ቮልት ወዳለበት ኮሌክተር፣ ኔጌቲቩ 2.1 ቮልት ወዳለበት ቤዝ ይዙር።

Rin ን በመልቲሜትር የኦም መለኪያ ማግኘት አይቻልም፤ መሣሪያው የሚያየው የዲሲ ጃንክሽን ነው። 10 ኪሎ ኦም ፖቴንሽዮሜትር ከመግቢያው ጋር በተከታታይ አስገቡ፣ መውጫው በግማሽ እስኪወርድ አዙሩት፣ ከዚያ ነቅላችሁ ራሱን ፖቴንሽዮሜትሩን ለኩ። ያ ቁጥር Rin ነው፤ በዚህ ጊዜ 560 ኦሙ መውጣት አለበት። Rout ለማግኘት ደግሞ ፖቴንሽዮሜትሩ ከመውጫው ወደ መሬት በካፓሲተር በኩል ይያያዛል፣ መውጫው በግማሽ ሲወርድ ይለካል።

መፍትሔው ምንድን ነው? አንዱ መንገድ የሁለተኛውን ኤሚተር 100 ኦም ያህሉን ያለ ካፓሲተር መተው ነው። Rin2 ወደ 6.1 ኪሎ ኦም ያድጋል፣ የሁለተኛው ጌይን ግን ሎድ ሳይኖር ወደ 40 ይወርዳል። ጌይኑ ከትራንዚስተር ትራንዚስተር እንዳይለዋወጥ የሚፈልግ ሰው ይህን ይምረጥ፣ እኛም ብዙ ጊዜ የምንመክረው ይህን ነው። ጌይኑ እንዲተርፍ የሚፈልግ ደግሞ መሃል ላይ ኤሚተር ፎሎወር ያስገባል። ቤዙ በቀጥታ ከመጀመሪያው ኮሌክተር ጋር ይያያዛል፣ ኤሚተሩ ላይ 2.2 ኪሎ ኦም ይደረጋል፤ 5.4 ቮልቱ ባያሱን ስለሚሰጠው ሌላ ማካፈያ አያስፈልግም። ፎሎወሩ 236 ኪሎ ኦም ያህል መግቢያ ስላለው በመሃል የሚቀረው 0.362 ሳይሆን 0.97 ይሆናል። ጠቅላላው ጌይን ከ12,300 ወደ 33,000 ይወጣል።

ይህን ያህል ጌይን ግን ዋጋ ያስከፍላል። ሁለት ጊዜ የተገለበጠ ሲግናል ከመግቢያው ጋር አንድ አቅጣጫ ስለሚይዝ፣ በሰፕላዩ መስመር በኩል ጥቂት እንኳ ከተመለሰ ሰርኪቱ ራሱ መወዛወዝ ይጀምራል። ምልክቱ ሲግናል ሳይገባ ስፒከሩ ላይ ቀስ ያለ «ቱፍ ቱፍ» መስማት ወይም ኦሲሎስኮፑ ላይ የሚንሳፈፍ ሞገድ ማየት ነው። በ12 ቮልቱና በመጀመሪያው ስቴጅ መካከል 220 ኦም አስገብታችሁ ከስቴጁ በኩል 220 ማይክሮ ፋራድ ወደ መሬት አድርጉ። ከሰፕላዩ የሚቀነሰው 0.35 ቮልት ገደማ ብቻ ነው፣ የመግቢያውን ሽቦም ከመውጫው አርቁት።

ይህ ሁሉ የሚሠራው 1 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ነው። ወደ ታች ሲወረድ ቀድሞ የሚሸነፈው የመሃል ካፓሲተሩ ሳይሆን የኤሚተሩ 100 ማይክሮ ፋራድ ነው፤ ከሁለተኛው ኤሚተር በኩል የሚታየው ሬዚስታንስ 32 ኦም ገደማ ስለሆነ 50 ኸርዝ ላይ ጌይኑ መውደቅ ጀምሯል። ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ የትራንዚስተሩ ውስጣዊ ካፓሲታንስ በጌይኑ ተባዝቶ ስለሚታይ፣ ችላ ያልነው ወደ ኋላ የሚሾልከው ሲግናል ችላ የማይባል ይሆናል። ከአንድ መቶ ኪሎ ኸርዝ በላይ የሚሠራ ሰው አራቱንም ቁጥሮች ኮምፕሌክስ አድርጎ መጻፍ አለበት፣ ABCD ብዜቱ ግን ያው ነው።