ለጉባኤ እንግዳ የሚጻፍ የቪዛ ጥሪ ደብዳቤ፤ የባሕር ዳር አሠራር

የጥሪ ደብዳቤ የጉባኤ አዘጋጅ ከውጭ አገር ለሚጋብዘው ተሳታፊ የሚጽፈው፣ ተሳታፊውም ከቪዛ ማመልከቻው ጋር አያይዞ የሚያቀርበው ሰነድ ነው። ማን፣ ለምን ጉዳይ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚመጣ፣ የት እንደሚያድርና ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ይገልጻል። ቪዛ የመስጠትም ሆነ የመከልከል ሥልጣን የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ስለሆነ ደብዳቤው የአዘጋጁ ምስክርነት እንጂ የመግቢያ ፈቃድ አይደለም።

ባሕር ዳር ከጣና ሐይቅ ዳር የተሠሩ የመሰብሰቢያ አዳራሽ ያላቸው ሆቴሎች ስላሏት ጉባኤ ማስተናገድ ለከተማዋ የቆየ ሥራ ነው። በአፍሪካ ጸጥታ ላይ የሚመክረው የጣና ፎረም በሚያዝያ 2004 ዓ.ም. የተጀመረው በዚሁ ከተማ ነበር። እንዲህ ያለው ትልቅ ስብሰባ የራሱ የፕሮቶኮል ሠራተኞች አሉት። ሠላሳ አርባ ሰው የሚጠራ የዩኒቨርሲቲ ክፍል ወይም የሙያ ማኅበር ግን ደብዳቤውን የሚያስጽፈው በአንድ ጸሐፊ ነው፤ ስሕተቱም የሚበዛው በዚህ በኩል ነው።

ደብዳቤውን የሚጽፈው አዘጋጁ ነው፣ ሆቴሉ አይደለም። ሆቴሉ የሚሰጠው የክፍል መያዣ ማረጋገጫ ብቻ ሲሆን ይህም የእንግዳውን ስም፣ የሚገባበትንና የሚለቅበትን ቀን፣ የክፍሉን ዓይነትና ከፋዩን ይገልጻል። ሁለቱ ወረቀቶች አብረው ስለሚታዩ ቃል በቃል መመሳሰል ይኖርባቸዋል። ስሙ በተለይ ከፓስፖርቱ ላይ ፊደል በፊደል መገልበጥ አለበት። የእኛ አጠራር ከግል ስም ስለሚጀምር የሆቴል ሠራተኛ የእንግዳውን የቤተሰብ ስም ትቶ በግል ስሙ ብቻ ይመዘግባል፤ ደብዳቤው በሙሉ ስም፣ ማረጋገጫው በግማሽ ስም ሲወጣ ሰነዶቹ የሁለት ሰዎች ይመስላሉ።

ከሁሉም በላይ የሚያስቸግረው ግን ቀኑ ነው። በእንቦጭ አረም ላይ የሚመክር ጉባኤ ከሰኞ ኅዳር 15 እስከ ረቡዕ ኅዳር 17 ቀን 2018 ዓ.ም. ጣና ዳር ባለ ሆቴል ተጠርቷል እንበል። ከሕንድ የሚመጣ ተመራማሪ ተጋብዟል። የጉባኤው ቀን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከኖቬምበር 24 እስከ 26 ቀን 2025 ነው። ጸሐፊው ይህንን ብቻ ጽፎ ደብዳቤውን ቢልክ ለተመራማሪው አይበቃውም። እንግዳው ከውጭ የሚገባው በቦሌ ነው፤ ፓስፖርቱም የሚመታው እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ የአገር ውስጥ በረራ ይዞ አንድ ሰዓት ገደማ በርሮ ባሕር ዳር ይደርሳል።

ስለዚህ ደብዳቤው ሦስት የተለያዩ ጊዜያትን ለያይቶ መጻፍ አለበት። አንደኛው ጉባኤው የሚካሄድባቸው ሦስት ቀናት ናቸው። ሁለተኛው የሆቴሉ ቆይታ ነው። እንግዳው እሑድ ኖቬምበር 23 ገብቶ ሐሙስ ኖቬምበር 27 ይለቃል፤ ይህ አራት ሌሊት ነው። ሦስተኛው በአገር ውስጥ የሚቆይበት ጠቅላላ ጊዜ ነው። አውሮፕላኑ ቅዳሜ ኖቬምበር 22 ማታ ቦሌ ካረፈ አንድ ሌሊት አዲስ አበባ ያድራል ማለት ነው፤ ያ ሌሊት የት እንደሚያድር ካልተጻፈ በሰነዶቹ መካከል ባዶ ቀን ይቀራል። ማመልከቻውን የሚመረምረው ሰው መጀመሪያ የሚያየው እንዲህ ያለውን ክፍተት ነው።

መመለሻው ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለው። አውሮፕላኑ የሚነሣው ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል ነው እንበል። በእኛ አነጋገር ይህ ሐሙስ ሌሊት፣ ለዓርብ አጥቢያ ነው። በትኬቱ ላይ ግን 00:30 ተብሎ የሚጻፈው በዓርብ፣ በኖቬምበር 28 ነው። ጸሐፊው «ሐሙስ ሌሊት ይሄዳል» የሚለውን ሰምቶ የመውጫውን ቀን ኖቬምበር 27 ካለው ደብዳቤው ከትኬቱ በአንድ ቀን ያንሳል። እንግዳው የመውጫ ቀኑን ከደብዳቤው ወስዶ ማመልከቻውን ከሞላ ደግሞ ስሕተቱ ወደ ቪዛው ሊሻገር ይችላል። ስለዚህ የጉዞው ቀን ሁልጊዜ ከትኬቱ ላይ ይገልበጥ፤ ከአፍ አይወሰድ።

በደብዳቤው ራስጌ የሚሰፍረው ቀንም ይታሰብበት። መዝገብ ቤት ወጪ ደብዳቤን በ05/02/2018 መዝግቦ ሲያወጣ ለእኛ ጥቅምት 5 ቀን ነው። ውጭ አገር ያለ አንባቢ ግን ከሰባት ዓመት በፊት በፌብሩዋሪ የተጻፈ አሮጌ ወረቀት አድርጎ ያነበዋል። መፍትሔው የወሩን ስም በፊደል መጻፍና ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ማስፈር ነው፤ ጥቅምት 5 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ኦክቶበር 15 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ተብሎ። ያለፈውን ዓመት ደብዳቤ ገልብጦ ዓመቱን ብቻ መቀየርም አያዋጣም። ጳጉሜን ስድስት ቀን በሆነች ማግስት አዲሱ ዓመት በሴፕቴምበር 12 ስለሚገባ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ያለው ልውውጥ ሁሉ በአንድ ቀን ይገፋል። የ2019 ጳጉሜን ስድስት ስለሆነች በ2020 ዓ.ም. ኅዳር 15 የሚውለው ኖቬምበር 24 ሳይሆን ኖቬምበር 25 ነው።

ለውጭ አንባቢ የሚሄደው ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ይጻፋል። የማረፊያው አንቀጽ ሐሳብ ግን እንዲህ ነው፦

«ተጋባዡ ኖቬምበር 22 ቀን 2025 በቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ይገባሉ። ያን ሌሊት አዲስ አበባ፣ ከኖቬምበር 23 እስከ 27 ደግሞ ለአራት ሌሊት ጉባኤው በሚካሄድበት የባሕር ዳር ሆቴል ያርፋሉ፤ የሁለቱም ሆቴሎች ማረጋገጫ ተያይዟል። የአምስቱን ሌሊት የመኝታና የቁርስ ወጪ ድርጅታችን ይሸፍናል፤ የዓለም አቀፍ በረራ ትኬታቸውን የሚከፍሉት ራሳቸው ናቸው። ኖቬምበር 28 ቀን 2025 ከቦሌ ተነሥተው ይመለሳሉ።»

ስለ ወጪ የሚጻፈው አዘጋጁ በእርግጥ የሚከፍለው ብቻ መሆን አለበት። «ሙሉ ወጪያቸውን እንሸፍናለን» የሚል ቃል ለማሳመር ብቻ የሚገባ ዓረፍተ ነገር አይደለም። እንግዳው ታሞ ሐኪም ቤት ቢገባ ወይም በረራው ተሰርዞ ሁለት ሌሊት ቢጨምር ሒሳቡን ይዞ ወደ አዘጋጁ የሚመጣበት ጽሑፍ ነው።

ከታች የፈራሚው ስም፣ የሥራ ኃላፊነትና ፊርማ፣ የመሥሪያ ቤቱ ክብ ማኅተምና ቲተር ይኖራሉ። ማኅተሙ ፊርማውን ነክቶ፣ ስሙን ግን ሳይሸፍን ቢያርፍ ይመረጣል፤ በኢንተርኔት የሚላከው በስካነር የተነሣ ቅጂ ስለሆነ የደበዘዘ ማኅተም እዚያ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ይሆናል። ስልክ ቁጥሩም ከውጭ ሊደወልበት በሚችል መልክ ይጻፍ። የባሕር ዳር መደበኛ ስልክ በአገር ውስጥ 058 ብሎ ሲጀምር ከውጭ የሚደውለው ዜሮውን ትቶ +251 58 ይላል። ስልኩን የሚያነሣውም ሰው የእንግዶቹ ዝርዝር በእጁ ያለ ይሁን።

ጉባኤው ቢራዘም በአሮጌው ደብዳቤ ላይ ቀን ሠርዞ በእስክሪብቶ ማረም አይቻልም። በአዲስ ወጪ ቁጥር ሌላ ደብዳቤ ይወጣል፤ የቀድሞው በቁጥሩና በቀኑ ተጠቅሶ መተካቱ ይገለጻል። ሆቴሉም በአዲሱ ቀን ማረጋገጫውን ደግሞ ይሰጣል። በጥምቀት ሰሞን ክፍል ስለሚጠብ ቀን ለመቀየር የሚያስብ አዘጋጅ መጀመሪያ የሚደውለው ለሆቴሉ ነው፤ ደብዳቤው የሚጻፈው ክፍሉ ከተገኘ በኋላ ነው።