ሐሜትና በሌለበት ሰው ላይ መናገር በባሕር ዳር አካባቢ

ሐሜት አንድ ሰው በሌለበት፣ ቢሰማ የሚከፋውን ነገር ስለ እሱ ማውራት ነው። አሉባልታ ከዚህ የሚለየው ተናጋሪው ስለማይታወቅ ነው። በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ የሐሜት ዋነኛ ጊዜ የቡና ሰዓት ነው፤ የዘጌ ቡና ተቆልቶ አቦሉ ሲቀዳ ወሬው የጤናና የኑሮ ሆኖ ይቆይና ቶና ላይ ከተቀመጡት አንዷ «ሐሜት አይሁንብኝና» ብላ ትጀምራለች።

ብዙዎች «እውነት ከሆነ ሐሜት አይደለም» ይላሉ። ይህ ግን የሚያስኬድ አይደለም። የእስልምና ትምህርት የተባለው እውነት ከሆነ ሐሜት፣ ሐሰት ከሆነ ደግሞ ቅጥፈት እንደሆነ በግልጽ ይለያል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 613 የሰውን ክብር ለመጉዳት አስቦ ለሦስተኛ ወገን የሚናገርን ሰው፣ ነገሩ እውነት ቢሆንም እንኳ ተበዳዩ አቤት ካለ ያስቀጣል። ለጋብቻ ስለታሰበ ሰው ጠባይ ሲጠየቁ የሚያውቁትን መናገር ግን በአብዛኛው እንደ ሐሜት አይታይም።

ጉዳዩን በተግባር የሚፈታው ሽምግልና ነው፤ የአካባቢው ሽማግሎችም በዚህ ሥራ የተካኑ ናቸው። የሚከተለው ከባሕር ዳር ሰፈሮች በአንዱ የታየ ጉዳይ ነው። የሰፈሩ ዕቁብ ጸሐፊ «የዕቁቡን ገንዘብ በልታለች አሉ» ተባለ። ሽማግሎቹ የያዙት «አሉ» የምትለዋን ቃል ነበር፤ ባለቤት የሌላት ቃል ስለሆነች ባለቤት እስኪገኝላት ድረስ «ማን አለ?» እያሉ ጠየቁ። የመጨረሻዋ ሰሚ ሁለተኛዋን ጠራች፣ ሁለተኛዋም የመጀመሪያዋን። እያንዳንዷ የሰማችውን ያለ ትርጉም፣ ቃሉን እንዳለ እንድትናገር ተደረገ። የመጀመሪያዋ «የዚህ ሳምንት ገንዘብ እስካሁን አልደረሰኝም» ብቻ ነበር ያለችው፤ ሁለተኛዋ «ገንዘቡ የለም» አለችው፣ ሦስተኛዋ ደግሞ «በልታለች» አደረገችው። ውሸት ለመናገር ያሰበ ማንም አልነበረም፤ እያንዳንዷ የመሰላትን ምክንያት እንደ ሰማችው አድርጋ ጨመረችበት እንጂ።

በዚህ ሥርዓት የነገራትን ሰው መጥራት ያልቻለች ወይም ያልፈለገች ሴት ወሬውን እንደ ፈጠረችው ትቆጠራለች። ይህ ደንብ ሰውን ከወሬ የሚያስጥል ቢሆንም ጉድለት አለበት፤ ምንጩ አገር ለቆ ከሄደ ንጹሕ ሰው ኃላፊ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ከዚህም በላይ ወሬው በሸንጎ ሲደገም ያልሰማው ሁሉ ይሰማዋል፤ ስለዚህ አስተዋይ ሽማግሎች መጀመሪያ ሰዎቹን ለየብቻ ያነጋግራሉ።

ይቅርታውም በጸሐፊዋ ቤት በስውር አልተጠየቀም። ሦስቱም ሴቶች ነገሩ በተወራበት ቤት ጸሐፊዋ ባለችበት ቡና ጠጡ፤ የመጀመሪያዋ «እኔ ያልኩት ይህን ብቻ ነበር» ብላ ቃሏን እንደገና ተናገረች፣ የቀሩት ሁለቱም የጨመሩትን በአፋቸው መለሱ።