የደንበኛ ምስክርነት ስክሪፕት ምንድን ነው? አንዲት የድሬዳዋ እናት ስለ ምጣድ ስትመሰክር

የደንበኛ ምስክርነት ስክሪፕት ማለት ዕቃ የገዛ ወይም አገልግሎት ያገኘ ሰው ያየውን ውጤት በራሱ አንደበት እንዲናገር ተብሎ የሚዘጋጅ አጭር ጽሑፍ ነው። ብዙ ጊዜ ከግማሽ ደቂቃ እስከ አንድ ደቂቃ ተኩል የሚሆን ቪዲዮ ይቀረጽበታል፣ ከዚያ በቴሌግራም ወይም በቲክቶክ ይለቀቃል። ሥራው ቀላል ይመስላል። ችግሩ ሁለት ነገር በአንድ ላይ የሚጠይቅ መሆኑ ነው፤ ንግግሩ የተሸመደደ መምሰል የለበትም፣ የሚጠቀሰው ውጤትም በትክክል የተገኘው ብቻ መሆን አለበት። ድሬዳዋ ውስጥ ለትናንሽ ነጋዴዎች እንዲህ ያለ ነገር ስጽፍ የማየው፣ አብዛኛው ሰው በመጀመሪያው ሲጨነቅ ሁለተኛውን እንደሚዘነጋ ነው።

ለምሳሌ ሳቢያን አካባቢ የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚሠራ ሰው እናስብ። አዲሱ ምጣዱ ከሥሩ ሙቀት እንዳይወጣ ጥሩ አድርጎ የታሸገ ነው፣ አክንባሎውም ገጥሞ ይዘጋል። አንዲት ደንበኛ ሰኔ ላይ ገዝታው ታኅሣሥ ላይ «የመብራት ሒሳቤ በግማሽ ወረደ» ትለዋለች። ሰውየው ደስ ብሎት ወዲያው ይጽፍላታል፦ «ይህንን ዘመናዊ ምጣድ መጠቀም ከጀመርኩ ወዲህ የመብራት ወጪዬ በ50 በመቶ ቀንሷል። ለሁሉም እናቶች እመክራለሁ።» በል፣ ይህንን ቀፊራ ገበያ ውስጥ ጮክ ብለህ አንብበው። ሽንኩርት ስትመርጥ የቆመች አንዲት ሴት እንኳ እንዲህ አታወራም። «በ50 በመቶ» የሚል ሰው ሒሳብ ሠራተኛ ነው፣ «ለሁሉም እናቶች እመክራለሁ» የሚለውም ማስታወቂያ ጻፊ ነው።

አነጋገሩን ማረም ግን ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ «ግማሽ» የምትለዋ ቃል ናት። ሴትየዋ አልዋሸችም፣ ሒሳቧ በእርግጥ በግማሽ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ያወረደው ማን ነው የሚለው ነው።

ድሬን የሚያውቅ ሰው መልሱን ይገምተዋል። ሰኔ ላይ ፋን ሳይከፍት የሚያድር ቤት የለም፣ ታኅሣሥ ላይ ግን ፋኑ አቧራ እየጠጣ ይቆማል። እስቲ እናስላው። አንድ የተለመደ ፋን 60 ዋት ያህል ይወስዳል። በቀን 12 ሰዓት ቢሠራ በወር ወደ 22 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፣ ሁለት ፋን ያለው ቤት ደግሞ 43 ገደማ። በሌላ በኩል ምጣዱ በአንድ ጋገራ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ቢያድን፣ በሳምንት ሁለቴ ለሚጋገርበት ቤት በወር ዘጠኝ ያህል ነው። እንግዲህ በሰኔና በታኅሣሥ መካከል ፍጆታው በ52 ኪሎዋት ሰዓት ቢቀንስ፣ 43ቱ የፋኑ ነው። ምጣዱ የተሸለመው በብርዱ ሥራ ነው። በዚያ ላይ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ዋጋው የሚንር ስለሆነ፣ ሒሳቡ በብር ሲታይ ከፍጆታው የባሰ ይወርዳል። ሴትየዋ ያየችው ብሩን ብቻ ነውና «ግማሽ» ብትል አይፈረድባትም፤ ነጋዴው ግን ማጣራት ነበረበት።

የማጣሪያው መንገድ ብሩን ትቶ ቆጣሪውን ማንበብ ነው። ታሪፉ በየጊዜው ስለሚሻሻል የዛሬ ብር ከአምና ብር ጋር አይወዳደርም፣ ኪሎዋት ሰዓት ግን ያው ነው። ደግሞም የወሩን ጠቅላላ ከመውሰድ አንዱን ጋገራ ለብቻው መለካት ይሻላል። ፍሪጁ፣ ፋኑና ቴሌቪዥኑ ለዚያች ሰዓት ይጠፋሉ። ምጣዱ ከመሰካቱ በፊት ቆጣሪው ይነበባል፣ የመጨረሻው እንጀራ ወጥቶ ሶኬቱ ሲነቀል እንደገና ይነበባል። ሊጡ በሁለቱም ምጣድ ተመሳሳይ መጠን ይሁን፣ ለምሳሌ 25 እንጀራ የሚወጣው። መሀል ላይ መብራት ከሄደ ያ ጋገራ አይቆጠርም፤ ምጣዱ ቀዝቅዞ እንደገና ሲግል ብቻ ብዙ ይበላልና። አንዴ ብቻ መለካትም አያስተማምንም፣ በእያንዳንዱ ምጣድ ሦስት ጋገራ ቢለካ ልዩነቱ ይለያል።

እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፦ ምስክርነት የሚጀምረው ዕቃው ከመሸጡ በፊት ነው። አሮጌው ምጣድ ለቆራሌው ከተሸጠ በኋላ ምን ይበላ እንደነበር ማን ያውቃል? ስለዚህ ነጋዴው አዲሱን ከማስረከቡ በፊት «እትዬ፣ አሮጌው ላይ ሦስት ጊዜ ሲጋግሩ ቆጣሪውን ያንብቡልኝ» ብሎ ወረቀት ሊሰጥ ይገባዋል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ንባቦች 5.2፣ 4.9 እና 5.4 ቢሆኑ፣ የአዲሱ ደግሞ 4.1፣ 4.3 እና 4.0፣ አማካዩ ከ5.2 ገደማ ወደ 4.1 ገደማ ወረደ ማለት ነው። ይህ ሃያ በመቶ ነው፣ በሰው ቋንቋ ከአምስት አንዱ። ከ«ግማሽ» ጋር ሲተያይ ትንሽ ይመስላል። እኔ ግን ማንም ጎረቤት ቆጣሪውን አንብቦ ሊያገኘው የሚችለውን ከአምስት አንዱን እመርጣለሁ፤ «ግማሽ» ያለው ቪዲዮ ሥር የመጀመሪያው አስተያየት «እኔ ገዝቼ ምንም አልቀነሰልኝም» ይሆናልና።

ቁጥሩ ከተያዘ በኋላ ስክሪፕቱ ይጻፋል፣ ግን ዓረፍተ ነገር ተጽፎ ለደንበኛዋ አይሰጣትም። የሚጻፈው ጥያቄ ነው። «በፊት ስትጋግሪ ምን ያስቸግርሽ ነበር?» «ይህን ከመግዛትሽ በፊት ምን አጠራጠረሽ?» «ምን ለካሽ፣ ስንት አገኘሽ?» «ያልወደድሽለት ነገር ምንድን ነው?» ስልኩ እየቀዳ ከጠያቂው ጋር ታወጋለች፣ ከዚያ ከንግግሯ ይመረጣል። ጥያቄው መልሱን መሸከም የለበትም። «በጣም ቆጣቢ ነው አይደል?» ብሎ ለጠየቀ ሰው ይሉኝታ የያዛት ሴት «አዎ በጣም» ከማለት ሌላ ምን ትላለች? ያ የጠያቂው ምስክርነት እንጂ የእሷ አይደለም።

እንዲህ ከተጠየቀች የሚወጣው ነገር ይህን ሊመስል ይችላል፦

«አሮጌው ሲጋግር ከሥሩ ያለው ጠረጴዛ ራሱ ይግል ነበር። አቦ፣ በድሬ ሙቀት ላይ እሱ ሲጨመር አስበው! ይሄኛውን ስገዛ እውነት ለመናገር አላመንኩም ነበር፣ ሁሉም ቆጣቢ ነው እያለ ነው የሚሸጠው። በኋላ ቆጣሪውን አነበብኩት። ለሃያ አምስት እንጀራ አምስት ምናምን ይበላ የነበረው አሁን አራት ምናምን ነው። ከአምስት አንዱ ቀነሰልኝ በለው። የወሩ ሒሳብ ብዙ የወረደው ግን ፋን ስላጠፋሁ ነው፣ ምጣዱ ብቻ አይደለም። አንድ የማልወድለት ነገር አክንባሎው ይከብዳል፣ ጠዋት እጄ ሳይፍታታ ማንሳት ያስቸግረኛል። ምጣዱን እንደማንኛውም ሰው ገዛሁት፣ ለዚህ ቪዲዮ ግን ሁለት መቶ ብር ቅናሽ መልሰውልኛል።»

ነጋዴው ይህን ሲያነብ መጀመሪያ የሚሰርዘው የፋኑን ዓረፍተ ነገር ነው፣ ቀጥሎ የአክንባሎውን። ሁለቱም መቅረት የለባቸውም። የፋኑ ከወጣ ተመልካቹ «ሒሳቡ ወረደ» የሚለውን ብቻ ይዞ ይሄዳል፤ አንድም ሐሰት ሳይነገር ውሸት ተፈጠረ ማለት ነው። የአክንባሎው ደግሞ ለታማኝነቱ ከማንኛውም ሙገሳ በላይ ይሠራል፣ ምክንያቱም በገንዘብ የተገዛ ሰው እንከን አይነግርህም። የመቁረጥ ደንቡ ይኸው ነው፦ «እ... ምን ነበር» የሚለው ይቆረጥ፣ መደጋገሙ ይቆረጥ፣ ትርጉሙን የሚገድበው ግን ይቆይ። የቅናሹ ነገርም እንዲሁ በቪዲዮው ውስጥ በአፏ ይነገር፤ ከሥር በትንሽ ፊደል የተጻፈውን ማንም አያነበውም።

ቀጣዩ ጥያቄ የማንን ምስክርነት እናውጣ የሚለው ነው። ዐሥር ደንበኛ ቢለካና አንዷ ሠላሳ አምስት በመቶ ብታገኝ፣ የነጋዴው ዓይን እሷ ላይ ያርፋል። እሷ ግን ምናልባት አሮጌ ምጣዷ የተሰነጠቀ ነበር። አሜሪካኖች በዚህ ላይ ብዙ ተከራክረዋል። የንግድ ተቆጣጣሪያቸው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ቀደም ሲል ግሩም ውጤት ያገኘን ሰው አሳይቶ «ውጤቱ ለሁሉም ላይሠራ ይችላል» የሚል ማስታወሻ መለጠፍን ይታገስ ነበር። በ2009 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መመሪያውን ሲያሻሽል ያንን መሸሸጊያ አነሳው። ከዚያ ወዲህ ልዩ ውጤት የሚያሳይ ማስታወቂያ፣ ተራው ሰው በአብዛኛው የሚያገኘውን አብሮ በግልጽ መናገር ይጠበቅበታል። በእኛም አገር የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ለሳቢያኑ ምጣድ ሠሪ ምክሬ አጭር ነው፦ ዐሥሩን በተርታ ደርድርና ከመሀል ያለችውን አውጣ። የሠላሳ አምስቷን ማውጣት ካማረህ፣ አብዛኛው ሰው ሃያ ገደማ እንደሚያገኝ እሷው ራሷ ትናገር።

እሷን የሚመስል ሰው ቀጥሮ ማናገርስ? ተዋናይት የደንበኛን ቃል ልታነብ ትችላለች፣ «ከደንበኛ ቃል የተወሰደ፣ በተዋናይ የቀረበ» የሚል ነገር በጉልህ ከታየ። ካልታየ ምስክርነት አይባልም።

ቪዲዮው ተቆርጦ ካለቀ በኋላ ከመለቀቁ በፊት ለደንበኛዋ ይታያታል። «ይህን አላልኩም» ወይም «የቤቴ ጓዳ እንዲታይ አልፈልግም» ካለች ይስተካከላል፤ መስማማቷም በጽሑፍ ቢያዝ ጥሩ ነው። ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ ስልክ ይደወልላት። ምጣዱ ያኔም አራት ምናምን የሚበላ ከሆነ ቪዲዮው ይቆያል። ሽቦው ተቃጥሎ ሌላ ገዝታ ከሆነ፣ ወይም ማሸጊያው ረግፎ ፍጆታው ወደ ድሮው ከተመለሰ፣ ቪዲዮው ያን ቀን ይወርዳል።