«የእግዜር ሰላምታ እንኳ ነፈገኝ»፦ አባባሉና የቤተሰብ ግሩፕ

የተቀየመ ሰው «የእግዜር ሰላምታ እንኳ ነፈገኝ» ይላል። ገንዘብ አልጠየቅኩትም፣ ውለታም አልፈለግሁም፤ ለማንም የማይከለከለውን ከለከለኝ ማለቱ ነው። ድሮ ይህ የሚባለው መንገድ ላይ አንገቱን አዙሮ ስላለፈ ጎረቤት ነበር። አሁን ደግሞ በቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ ምክንያት ይሰማል፦ «በየጠዋቱ እንደምን አደራችሁ እላለሁ፤ እሱ አይቶ ዝም!»

ሰላምታው የእግዜር የሆነበትን ምክንያት መልሱ ይነግረናል። «እንደምን አደራችሁ?» ስንባል «እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን፤ ሙስሊሙ «አልሐምዱሊላህ» ይላል። የጠየቀን ሰው ነው፤ ምስጋናው የሚሄደው ግን ሌሊቱን ላሳደረን ነው። ስለዚህ ዝም ያለ ሰው የራሱ ያልሆነውን ነገር እንደያዘ ይቆጠራል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ሐዋርያት ወደ ቤት ሲገቡ ሰላምታ እንዲሰጡ ታዘዋል። በቁርኣን ምዕራፍ 4 ቁጥር 86 ሰላምታ የቀረበለት ሰው በተሻለ ወይም በዚያው ልክ እንዲመልስ ተነግሮታል። ሊቃውንቱም ለብዙ ሰው በአንድነት ለቀረበ ሰላምታ ከመካከላቸው አንዱ ቢመልስ ለሁሉም ይበቃል ይላሉ።

የቤተሰብ ግሩፕ ግን በአንድ ሰው መልስ አይረካም። ክርስቲያንም ሙስሊምም ያሉበትን አንድ የወሎ ቤተሰብ እንይ። የቤቱ እናት እትዬ የሚኖሩት ደሴ ከተማ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ሰላምታ ይልካሉ፤ በ12 የሚካኤል፣ በ21 የማርያም ሥዕል ይጨምሩበታል። ዓርብ ዓርብ ከሪያድ «ጁምዓ ሙባረክ» የምትለው የወንድማቸው ልጅ ናት። እትዬ የሚፈልጉት የመልሱን ብዛት አይደለም። ማን እንዳልመለሰ ነው የሚያዩት። አነስ ባለ የቴሌግራም ግሩፕ መልእክቱን ማን እንዳየው ለላኪው ለ7 ቀን ይታያል። ዋትስአፕ ላይ ደግሞ ሰማያዊ ምልክቱን ብታጠፋውም ግሩፕ ውስጥ አይሠራልህም፤ ማንበብህ ይታወቃል።

አጻጻፉም የራሱ ወግ አለው። ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማረውም፤ ሁሉም ግን ያውቀዋል። እትዬ «እንደምን አደራችሁ ልጆቼ?» ካሉ ጥያቄ ነውና «እግዚአብሔር ይመስገን እትዬ፣ እርስዎስ እንደምን አደሩ?» ይባላል። «የተባረከ ቀን ይሁንላችሁ» ካሉ ምርቃት ነውና መልሱ «አሜን» ነው። አውራ ጣት ብቻ መላክ ለእኩያ ያስኬዳል፤ ለእትዬ ግን አይሆንም፣ እኔም ልክ ናቸው እላለሁ። ከሁሉ የሚከፋው ሰላምታውን ዘሎ የራስን ጉዳይ መለጠፍ ነው። «ያ መኪና ተሸጠ እንዴ?» ብሎ መግባት ቤት ገብቶ ማንንም ሳይጨብጡ ምሳ እንደመጠየቅ ይቆጠራል። ግሩፑ ውስጥ ሐዘን ካለ ደግሞ የአበባ ሥዕል መላክ ይቀራል፤ ቀኑ የሚጀመረው በ«እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ነው።

አባባሉ ጉልበቱ የሚታየው ግን በጠብ ጊዜ ነው። የእትዬ ሁለት ልጆች በአባታቸው ቤት ድርሻ ተጣሉ እንበል። አይደዋወሉም። ቢሆንም ሁለቱም በየጠዋቱ ለእናታቸው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁላችሁም እንደምን አደራችሁ?» ይጽፋሉ። «ሁላችሁም» የምትለዋ ቃል ትልቅ ሥራ ትሠራለች። ወንድምየው እህቱን በስሟ አልጠራም፤ ሰላምታውንም አልነፈጋትም። ሽማግሌ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ሰላምታ አላችሁ ወይ?» ነው። አለን ካሉ ነገሩ ገና አልከፋም። አንዱ ከግሩፑ ከወጣ ግን ሽማግሌው ከድርሻው በፊት እሱን መመለስ አለበት።

ዝምታ ሁሉ ግን መንፈግ አይደለም። ነፈገ የሚባለው እያለው የከለከለ ሰው ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ የስንቱ እናት ሰላምታ ከግሩፕ ጠፋ! ያኔ ማንም አልተቀየመም። ውጭ ያለው በቀጥታ ስልክ እየደወለ ድምፅ ይፈልግ ነበር።

ዋሽንግተን ላለው ልጅ ደግሞ የሰዓቱ ጉዳይ አለ። የእትዬ የንጋት ሰላምታ የሚደርሰው በበጋቸው ከምሽቱ 5 ሰዓት፣ በክረምታቸው 4 ሰዓት ላይ ነው፤ እሱ ገና አልተኛም። «እንደምን አደርክ» መባሉ ግራ ሊያጋባው አይገባም፤ ሰዓቱ የሚቆጠረው በእናት ቤት ነው። ተኝቶ ካለፈው ጠዋት ሲነሳ እዚህ ከሰዓት በኋላ ሆኗል። ያኔ «እንደምን ዋሉ እትዬ? ተኝቼ ነው» ማለት በቂ ነው፤ የዘገየ ሰላምታ አይቆጠርበትም።