የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ ምንድን ነው? ቁጥሩስ ከየት መጣ?

ደብዳቤውን ከፍተህ መጀመሪያ የምታየው ታች ያለውን ድምር ነው። ሁላችንም እንደዚያ ነን። ግን ድምሩ ብቻውን ምንም አይነግርህም፤ የሚነግርህ ከሱ በላይ ያሉት መስመሮች ናቸው።

የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ ማለት ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት "በእኔ ስሌት ያለብህ ግብር ይህን ያህል ነው" ብሎ በጽሑፍ የሚያሳውቅበት ወረቀት ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ያሳወቅከው ሒሳብ በኦዲት ሲታይ ነው፣ ወይም ጭራሽ ሳታሳውቅ ቀርተህ በግምት ሲወሰንብህ። ተራ የክፍያ ማስታወሻ አይደለም። ዝም ካልከው ውሳኔው ይጸናል፣ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ማስከፈል ነው።

በምሳሌ እንየው። አንድ በግሉ የትርጉም ሥራ የሚሠራ ሰው አለ እንበል። ገቢዬ 600,000፣ ወጪዬ 380,000፣ ትርፌ 220,000 ብሎ አሳወቀ። ስሌቱ እንዲቀለን ምጣኔው 30 በመቶ ይሁን። ስለዚህ 66,000 ከፍሏል። በኋላ የመጣው ማስታወቂያ ግን 85,560 ጨምር ይለዋል።

ከየት መጣ? ኦዲተሩ ሁለት ነገር ነው ያደረገው። አንደኛ፣ የባንክ ስቴትመንቱን አይቶ ወደ ሒሳቡ የገባውን ሁሉ ደምሮ ገቢውን 780,000 አደረገው። ሁለተኛ፣ ደረሰኝ ያልቀረበለትን እና የግል ነው ያለውን 50,000 ከወጪው ቀነሰ። ትርፉ 450,000 ሆነ፣ ግብሩ 135,000። የተከፈለው 66,000 ሲነሳለት 69,000 ይቀራል። በዚያ ላይ 10 በመቶ ቅጣት 6,900፣ በወር 1 በመቶ የ14 ወር ወለድ ደግሞ 9,660። ድምሩ 85,560። የቅጣቱና የወለዱ ምጣኔ ከአገር አገር ይለያያል፣ አካሄዱ ግን ይኸው ነው።

አሁን ሰውየው "ይህ ግፍ ነው" ብሎ ቢጽፍ ማንም አይሰማውም። ማድረግ ያለበት የተጨመረውን እያንዳንዱን መስመር ይዞ "ይህ ምንድን ነው?" ማለት ነው። ከተጨመረው 180,000 ገቢ ውስጥ 150,000ው ከወንድሙ የተበደረው ነው፣ ብድር ደግሞ ገቢ አይደለም። 30,000ው ግን እውነትም ረስቶት ያላሳወቀው የሥራ ክፍያ ነው። ከተቀነሰው ወጪ 20,000ው የቤቱ ኪራይ ነው፣ ኦዲተሩ ልክ ነው። 30,000ው ግን የሥራ ወጪ ነው፣ ደረሰኙም ተገኝቷል።

ስለዚህ ክርክሩ በ180,000 ላይ ነው፤ 150,000 ብድር እና 30,000 ወጪ። ግብሩ 54,000፣ ከቅጣቱና ከወለዱ ጋር 66,960። የሚያምንበት ደግሞ 15,000 ግብር ሲሆን፣ ከነቅጣቱና ወለዱ 18,600 ነው። ይህ ክፍፍል ከሁሉም በላይ ይጠቅማል። በኢትዮጵያ የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት፣ ለምሳሌ፣ የማትከራከርበትን ግብር ሳትከፍል ያቀረብከው ቅሬታ በአግባቡ እንደቀረበ አይቆጠርም። ቅሬታው የተቃወምክበትን ነጥብ፣ እንዲስተካከል የምትፈልገውንና ምክንያትህን በትክክል መግለጽም አለበት።

ማስረጃው ላይ አትስነፍ። ለብድሩ የውል ወረቀት፣ ገንዘቡ ከወንድምየው ሒሳብ መውጣቱን የሚያሳይ ስቴትመንት፣ መክፈል ከጀመርክ የመለስክበት ማስረጃ። ኦዲተሩ የሚያየው የገባ ገንዘብ ነው፤ ለምን እንደገባ የማስረዳቱ ሸክም ባንተ ላይ ነው።

አሁን ወደ ቀኑ። ብዙ ሰው የሚሸነፈው በቁጥሩ ሳይሆን እዚህ ጋ ነው። በዚያው አዋጅ ቅሬታ የሚቀርበው ውሳኔው ከደረሰህ በ21 ቀን ውስጥ ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የግብር ጉድለት ማስታወቂያ ለሚደርሰው ሰው ወደ ታክስ ፍርድ ቤት የሚሄድበት ጊዜ በመደበኛው 90 ቀን ነው፣ የሚቆጠረውም ደብዳቤው ከተላከበት ቀን ጀምሮ ነው። ልዩነቱን አየኸው? አንዱ ጋ ከደረሰህ ቀን፣ ሌላው ጋ ከተላከ ቀን። ደብዳቤው ጠረጴዛ ላይ ሳይከፈት ሲያድር የሚበላው ያንተን ቀን ነው። ስለዚህ ደብዳቤው የመጣበትን ፖስታ አትጣል፣ ስትፈርም ቀኑን ጻፍ፣ ቆጠራው ከየት እንደሚጀምርም ከማስታወቂያው ላይ አንብብ።

ቀኑ ሊያመልጥህ ከሆነ የማራዘሚያ ጥያቄ በጽሑፍ አቅርብ፣ ጊዜው ሳያልፍ። ሕመም ወይም ከአገር ውጭ መሆን ተቀባይነት ሊያገኝ የሚችል ምክንያት ነው፤ "ሥራ በዝቶብኝ" ግን አያዋጣም።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ቢሮ ሄደህ ከሠራተኛው ጋር ማውራት ቅሬታ ማቅረብ አይደለም። "እናየዋለን፣ ተመለስ" ቢልህም ቀኑ መቆጠሩን አያቆምም። ቀኑን የሚያድንልህ የተጻፈው ቅሬታ ገቢ ሲሆን ነው፣ ቅጂው ላይም የገባበት ቀንና ማኅተም ካረፈበት በኋላ ነው ከመስኮቱ መነሳት ያለብህ።